ፊቷን ሳይሆን ስራችሁን አውሩ

እሺ የሜካፕ ብሩሾቹን አስቀምጡና ትንሽ ስሙኝ። ኮንቱሩን ነገ እንቀጥላለን፣ ዛሬ ስለ አፋችን ነው የማወራው፣ ደንበኛ የምናስቀይመው ብዙ ጊዜ በእጃችን ሳይሆን በአፋችን ስለሆነ።

ሴትዮዋ ገና ከመቀመጧ "ውይ ማድያትሽ! አይንሽ ስር ምነው እንዲህ ጠቆረ፣ አትተኚም እንዴ?" የምትሉ አላችሁ። እሷ እኮ ቤቷ መስታወት አላት! መጀመሪያ መስታወቱን ስጧትና "ከፊትሽ የቱ ጎልቶ እንዲታይ ትፈልጊያለሽ? የቱንስ ላለዝብልሽ?" በሏት፣ ከዛ ዝም ብላችሁ ስሙ። ያላነሳችውን አታንሱ። ስለ አፍንጫዋ ምንም ያላለችን ሙሽራ "አፍንጫሽን ላቅጥንልሽ?" ካላችኋት ቀኑን ሙሉ አፍንጫዋን ስታስብ ነው የምትውለው።

ግን ደሞ አትዋሹ። ሜካፕ ቀለም ይሸፍናል፣ እብጠት አይሸፍንም። ብጉር ያላት ልጅ "ልስልስ ያለ ፊት ነው የምፈልገው" ስትላችሁ "ጥቁረቱን በኮሬክተርና በኮንሲለር አጠፋልሻለሁ፣ ከፍ ከፍ ያለው ግን በቅርብ ለሚያይሽ ትንሽ ይታያል፣ ፋውንዴሽን ካበዛሁበት ደሞ ይብስበታል" በሏት። ይሄን ሳትጀምሩ ነው የምትነግሯት፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ከሆነ ሰበብ ነው የሚመስለው። ሚዜዎቿ ቆመው እየሰሙ ደግሞ በጭራሽ፣ ጠጋ ብላችሁ ዝግ ባለ ድምፅ።

ከሁሉም የሚከብደው "ቀላ አድርጊኝ" የሚለው ነው፣ በየሰርጉ አለ። እዚህ ጋ ስብከት እንዳትጀምሩ። የራሷን ሼድና ቀላ ያለውን ጎን ለጎን ከመንጋጋዋ እስከ አንገቷ አስምሩላትና መስኮት ጋ ውሰዷት፣ በራሷ ስልክ አንዴ በፍላሽ አንዴ ያለ ፍላሽ አንሷት። ፊቷ አመድ መስሎ አንገቷ ሌላ ሰው ሲሆን ራሷ ታየዋለች፣ እናንተ ምንም አላላችሁም። ከዛ "የራስሽ ቀለም ላይ ሆነን ጉንጭሽንና ግንባርሽን ላብራው?" ብትሏት አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። አሁንም ቀላ ያለውን ካለች ግን ፊቱ የሷ ነው፣ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጉና አንገቷንም ደረቷንም አብራችሁ ስሩ። ማድያቴን የሚያጠፋ ክሬም ንገሪኝ ካለቻችሁ ደሞ ወደ ቆዳ ሐኪም ላኳት፣ እኛ ሐኪም አይደለንም።

የሙሽራ እናት ከሆኑ አንቱ ነው፣ በቃ፣ "ቆንጅዬ" ምናምን አይሰራም። "ፊትዎ ተሸብሽቧል" ሳይሆን "ፓውደር ሲበዛ ስለሚያደርቅ ቀለል አድርጌ ልስራልዎት" በሏቸው፣ ውሸት የለውም ስድብም የለውም።

በሉ አሁን ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዷ "ቀላ አድርጊኝ" ትበል፣ ሌላዋ ትመልስ፣ እኔ እየዞርኩ እሰማለሁ።