ለእማማ፦ በስልክ ስለ መተያየትና ድምፅ ስለ መላክ

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አያቴ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እማማ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነን። አራሷስ በረታች? ሕፃኑስ ሌሊት ያስተኛችኋል?

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስልኩን ያለ ማንም እርዳታ እንዲጠቀሙበት ብዬ ነው። አክስቴ ሥራ ላይ ትውላለች። ዮናታን ደግሞ ላሳይዎት ብሎ ስልኩን ከእጅዎ ይወስድና ሁሉን ራሱ ነካክቶ ይመልስልዎታል፤ እንዲህ ደግሞ ማንም አይማርም። ስለዚህ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከሽሮው ጋር ልኬልዎታለሁ። መነጽርዎን ያድርጉና ስልኩን አጠገብዎ አስቀምጠው ቀስ ብለው ያንብቡት። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ቢያነቡትም ችግር የለውም።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ልንገርዎት። አንደኛ፣ ስልኩ በመነካካት አይበላሽም። ያልፈለጉት ነገር ከመጣ ሁሉንም ዘግተው እንደገና ይጀምሩ። ሁለተኛ፣ ገንዘብ እንዳይቆጥርብን ብለው አይቸኩሉ። ቤት ውስጥ ባለው ዋይፋይ እስከ ተገናኘ ድረስ አንድ ደቂቃም አንድ ሰዓትም ብናወራ የተለየ ሂሳብ አይመጣም። ድሮ ቴሌ ሄዶ ተራ ጠብቆ እንደ መደወል አይደለም።

አሁን ስልኩን ይክፈቱ። አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ላይ ነጭ የስልክ እጀታ ያለበትን ምልክት ይፈልጉ፤ ዋትስአፕ የሚባለው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ነካ ያድርጉት። የሰዎች ስም በዝርዝር ይመጣል። አክስቴ የእኔን ከሁሉም በላይ እንድታስቀምጠው ነግሬያታለሁ፤ ነጭ ነጠላ ለብሼ የተነሣሁት ፎቶ አለበት፣ ስሜም በአማርኛ «ራሔል» ተብሎ ተጽፏል። እሱን ሲነኩ እኔና እርስዎ የምንጻጻፍበት ገጽ ይከፈታል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚሠራው በዚህ ገጽ ላይ ነው።

ፊት ለፊት ለመተያየት ከፈለጉ ከላይ በስተቀኝ ትንሽ የካሜራ ምልክት አለች። አጠገቧ የስልክ እጀታ ካለ እሱ ድምፅ ብቻ ነው፤ እርስዎ ካሜራዋን ይንኩ። ትደውሉ እንደሆነ ከጠየቀዎት እሺ ይበሉት። በመጀመሪያው ቀን ስልኩ በእንግሊዝኛ ፈቃድ ይጠይቅዎታል። እንዲህ የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ይንኩት፦ While using the app። ከዚያ በኋላ አይጠይቅዎትም። እኔ እስክነሣ ድረስ የራስዎን ፊት ያያሉ፤ አይደንግጡ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ስልኩን ወደ ጆሮዎ አይውሰዱት። ባለፈው ስንደዋወል እናቴና እኔ ያየነው ጆሮዎንና የሻሽዎን ጫፍ ነው። ድምፃችን ከሩቅም ይሰማል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በስኳር ዕቃው አስደግፈው ፊት ለፊቱ ይቀመጡ፣ እጅዎም ያርፋል። መስኮቱ ከኋላዎ ሳይሆን ከፊትዎ ይሁን፤ ብርሃኑ ከኋላ ከሆነ ፊትዎ ጠቁሮ ነው የሚታየን። እየተነጋገርን ድምፅዎ ከጠፋብን ማይክራፎኗ ላይ የተጋደመ መስመር እንዳለ ይመልከቱ፤ ካለ ይንኩት፣ መስመሩም ይጠፋል። ምልክቶቹ ሁሉ ከጠፉም መስታወቱን ነካ ሲያደርጉት ይመለሳሉ። ቀዩ ምልክት መዝጊያ ነው፤ ስመን ከተሰነባበትን በኋላ ብቻ ይንኩት።

እኔ ስደውልልዎት ደግሞ ስልኩ ይጠራና ፎቶዬ ይመጣል። ስልኩ ተዘግቶ ከነበረ አረንጓዴውን ምልክት በጣትዎ ይዘው ወደ ላይ ይግፉት፤ መንካት ብቻ አይበቃም። ሳያነሡት ቢያመልጥዎት አንቀየምም፣ መልሰው ይደውላሉ።

ስለ ሰዓቱም ልንገርዎት። አሁን እኛ በስምንት ሰዓት እንቀድማችኋለን። በእናንተ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። የእናንተ ግድግዳ ሰዓት ከ8 እስከ 12 ባለው ውስጥ ቢደውሉ እናቴም ከሥራ ገብታ፣ ቡናም ተፈልቶ ያገኙናል። ከዚያ ካለፈ ግን እኛ ወደ መኝታ ነን።

ደግሞ እኮ ለዚህ መላ አለው፤ እኔ ከመተያየቱም ይልቅ ለእርስዎ የሚመቸው ይኸኛው ይመስለኛል። አጎቴ ጅዳ በነበረ ጊዜ ድምፅዎን ካሴት ላይ ቀርጸው በሰው እጅ ይልኩለት እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች። በዋትስአፕ ድምፅ መላክም ያው እንደ ካሴቱ ነው፤ ልዩነቱ ወዲያው መድረሱ ነው። እኛ ተኝተንም ቢሆን፣ እዚህ መብራት ጠፍቶም ቢሆን የፈለጉትን ያህል ይናገራሉ፤ እኛ ስንነሣ እንሰማዋለን። መልሰን መላልሰንም እንሰማዋለን። ጋሽ ተሾመ ጆሯቸው ስለ ደከመ በስልክ ግማሹ ያመልጣቸዋል፤ እንዲህ ሲሆን ግን ደግመን እናሰማቸዋለን።

በዚያው በእኔ ገጽ ላይ ከታች በስተቀኝ ጥግ ማይክራፎን አለች። በአውራ ጣትዎ ጫን አድርገው ይያዟት፣ አይልቀቋት። ሰከንድ መቁጠር ሲጀምር ይናገሩ። ሲጨርሱ ጣትዎን ያንሡ፤ ያን ጊዜ ራሱ ይሄዳል። ነካ አድርገው ወዲያው ከለቀቋት ምንም አይቀረጽም። የተናገሩት ካላማረዎት ጣትዎን ሳያነሡ ወደ ግራ ይጎትቱት፣ ይሰረዛል፤ ማንም አይሰማውም።

የእርስዎ ወሬ ረዘም ስለሚል ጣትዎ እንዳይደክም ይህን ይልመዱ፦ ማይክራፎኗን እንደያዙ ጣትዎን ወደ ላይ ይግፉት። የቁልፍ ምልክት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ጣትዎን ቢያነሡም መቅረጹን ይቀጥላል። ጥጥዎን እየፈተሉ ማውራት ይችላሉ። ሲጨርሱ ቀስት የመሰለችውን አረንጓዴ ምልክት ይንኩ፤ ካልነኳት አይሄድም። ማይክራፎኗ የጠፋችብዎት እንደሆነ ደግሞ መጻፊያው ላይ ፊደል ገብቶ ይሆናል፤ ፊደሉን ሲያጠፉት ትመለሳለች።

የእኛን ለመስማት ሦስት ማዕዘኗን መንካት ብቻ ነው። በጣም የምንጣደፍ ከመሰለዎት አጠገቡ ያለውን ቁጥር 1 እስኪሆን ድረስ ይንኩት።

እማማ፣ ይህን ግን አጥብቄ የምነግርዎ ነው። ማንም ሰው፣ የእኔን ስምና ፎቶ ይዞ ቢመጣ እንኳን፣ «በስልክዎ የደረሰዎትን ስድስት ቁጥር ይላኩልኝ» ቢልዎት አይስጡ። በዚያ ቁጥር ዋትስአፕዎን ወስደው በእርስዎ ስም ከዘመድ ገንዘብ ይለምኑበታል። በእኔ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣም ፊቴን ሳያዩ አይመኑ።

ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ የመጀመሪያውን ድምፅ ይላኩልኝ። ምን ልበል እንዳይሉ ርዕሱን ልስጥዎት፦ ለገና ጠላ ልንጠምቅ ነው፣ እናቴና እትዬ ጌጤ በጌሾው መጠንና በጥንስሱ ቀን አልተስማሙም። ሁለቱም «እማማ እንዲህ ነው የምታደርገው» ይላሉ። ከጥንስሱ ጀምረው እስከ መጨረሻው ይንገሩንና እንገላገል።

የካቲት 30 በእናንተ አገር ሰዓቱ ይቀየራል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልዩነታችን ሰባት ሰዓት ይሆናል። እስከዚያው አክስቴን፣ ዮናታንንና ሕፃኑን ሳሙልኝ።

የልጅ ልጅዎ
ራሔል