የዝውውር ደብዳቤ፦ ከድንገተኛ ክፍል ወደ ውስጥ ደዌ ዋርድ

ባሕር ዳር፣ ረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት
ከ፦ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሐኪም
ለ፦ ውስጥ ደዌ ዋርድ ተረኛ ሐኪምና ነርሶች
ታካሚ፦ ወንድ፣ 27 ዓመት፣ በግምት 58 ኪሎ፣ ካርድ ቁጥር 41876፣ በሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ
ምርመራ፦ ከባድ የኦርጋኖፎስፌት (የተባይ ማጥፊያ) መመረዝ፣ ሳንባው ውስጥ የገባ ትውከት ሊኖር ይችላል
ለመድኃኒት ያለው አለርጂ፦ የሚታወቅ የለም። ከዚህ በፊት የታወቀ በሽታም የለበትም።

ውድ ባልደረቦቼ፣

ዋርዳችሁ ዛሬ ሙሉ እንደሆነ አውቃለሁ። ጊዜ ካጣችሁ ሁለት ነገር ብቻ ያዙልኝ። አንደኛ፣ የአትሮፒን ድሪፑ ለአስር ደቂቃም ቢሆን እንዳይቆም። ሁለተኛ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ አንገቱን እዩ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ዛሬ ጠዋት 4፡30 ገደማ ሽንኩርቱን ሲረጭ ቆይቶ ውሃ ጠማው። ማሳው ዳር ሁለት ሃይላንድ ነበር። አንዱ ውሃ፣ ሌላው በሊትር ተቀንሶ የተገዛ የተባይ መድኃኒት። አንድ ጉንጭ ውጦ ነው የነቃው። ሚስቱ ወተት አጠጣችው፣ ወዲያው አስመለሰው። የሚስቱ ወንድም መድኃኒቱ የተቀነሰበትን ዋናውን ዕቃ ፈልጎ አምጥቶልናል፣ ምስጋና ይገባዋል። ጽሑፉ ፕሮፌኖፎስ ይላል። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሱት። እዚያ ደም ሥር ከፍተው 1 ሚ.ግ. አትሮፒን ሰጥተው በአምቡላንስ ላኩት። ቀድሞ የረጨውም ጀርባውን አርሶት ስለነበር መርዙ በአፉም በቆዳውም ገብቷል።

እኛ ጋ የደረሰው 6፡10 ላይ ነው። ትሪያጅ ላይ ቀይ ሆነ። የደም ግፊት 90/50፣ የልብ ምት 48፣ ትንፋሽ በደቂቃ 34፣ ኦክስጅን ያለ ድጋፍ 74 በመቶ፣ ሙቀት 36.1፣ የደም ስኳር 212። ጂሲኤስ 9 (ዓይን 2፣ ንግግር 2፣ እንቅስቃሴ 5)። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቧል። ምራቁ ይወርዳል፣ እንባው ይፈሳል፣ ላቡ ያሰምጠዋል፣ ሽንትና ሰገራ አምልጦታል። የደረቱና የጭኑ ጡንቻ ከቆዳው ሥር ይርገበገብ ነበር። ሁለቱም ሳንባ ከላይ እስከ ታች ክሬፒቴሽን ብቻ ነው። በራሱ ፈሳሽ እየሰመጠ ነበር።

ጓንትና ጋውን ለብሰን ልብሱን አወለቅን። በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠብነው፣ ጸጉሩን ሁለት ጊዜ። ይህን ሁሉ ስናደርግ አትሮፒኑን አላዘገየንም። ሳክሽንና 15 ሊትር ኦክስጅን አብረው ሄዱ። 6፡15 ላይ 2 ሚ.ግ.፣ 6፡20 ላይ 4፣ 6፡25 ላይ 8፣ 6፡30 ላይ 16። የመጨረሻው ዶዝ አሥራ ስድስት አምፑል መስበር ማለት ነው። ሲስተሮቹ ተሰልፈው ሲሰብሩና ሲስቡ ነበር፣ ያለ እነሱ ይህ ሰው አይደርስላችሁም ነበር። 6፡22 ላይ አንቀጥቅጦት ዳያዜፓም 10 ሚ.ግ. በደም ሥር ሰጠነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቆመ፣ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

6፡35 ላይ ደረቱ ጠራ። የልብ ምት 96፣ ግፊት 118/70፣ ብብቱ ደረቀ። በጠቅላላው 30 ሚ.ግ. ወሰደ። የዚያን 10 በመቶ በሰዓት፣ ማለትም በሰዓት 3 ሚ.ግ. አድርገን 6፡40 ላይ ድሪፕ ጀመርን። ኖርማል ሳላይን በድምሩ 1.5 ሊትር ወስዷል።

አሁን የማልደብቀውን ልንገራችሁ። ለራጅ ወስደነው ስንመለስ የድሪፑ መስመር ስትሬቸሩ ጎን ላይ ታጥፎ ነበር። መቼ እንደታጠፈ በእርግጠኝነት አላውቅም፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሆናል። 9፡40 ላይ ላቡ ተመልሶ፣ ምቱ ወደ 68 ወርዶ፣ ሳንባው እንደገና ክሬፒቴሽን ይዞ አገኘነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። 4 ሚ.ግ. ደግመን ሰጠነው፣ በአምስት ደቂቃ ጠራ። ድሪፑን በሰዓት ወደ 4 ሚ.ግ. ከፍ አደረግነው። ምን ያህል በፍጥነት እንደሚመለስበት ያየነው በዚህ ነው። እባካችሁ አልጋ ስትቀይሩት፣ ስታገላብጡት፣ ከረጢት ስትለውጡ ጠብታውን በዓይናችሁ አይታችሁ ተነሱ። ከጤና ጣቢያው ጋር እስካሁን የወሰደው አትሮፒን ወደ 50 ሚ.ግ. ነው።

11፡50 ላይ የነበረበት ሁኔታ፦ ግፊት 122/74፣ ምት 104፣ ትንፋሽ 22፣ ኦክስጅን በ5 ሊትር ማስክ 95 በመቶ፣ ሙቀት 37.4፣ ጂሲኤስ 14። ብሌኑ 3 ሚሊ ሜትር። ደረቱ ጠርቷል፣ ቀኝ ታችኛው ክፍል ላይ ብቻ ጥቂት ክሬፒቴሽን አለ። የአንጀት ድምፅ ይሰማል። በካቴተር 700 ሚ.ሊ. ሸንቷል። ራሱን ከትራሱ አንስቶ ይይዛል፣ በአንድ ትንፋሽ እስከ 18 ይቆጥራል።

ነጭ የደም ሴል 16,200፣ ሄሞግሎቢን 14.8፣ ክሬቲኒን 0.9፣ ፖታሲየም 3.3፣ እየተተካለት ነው። ስኳሩ ያለ ኢንሱሊን ወደ 168 ወርዷል። የመጀመሪያው ኢሲጂ ላይ ኪውቲሲ 490 ነበር፣ አሁን 465 ነው። ስለዚህ ቢያስመልሰው ኦንዳንሴትሮን፣ ቢረበሽ ሃሎፔሪዶል አትስጡት። ለመረበሹ ዳያዜፓም ይበቃል። ራጁ ቀኝ ታች ላይ ጥላ አለው። ትኩሳት ስለሌለው አንቲባዮቲክ አልጀመርኩም። ሌሊት 38 ካለፈ ወይም የኦክስጅን ፍላጎቱ ከጨመረ ጀምሩለት። የኮሊንኤስተሬዝ ምርመራ እኛ ጋ አይሠራም፣ ምልክቱና የጠጣው መድኃኒት መመረዙን ለማወቅ በቂ ናቸው።

ሆዱን አላጠብነውም። አስመልሷል፣ ጊዜው አልፏል፣ አየር መተላለፊያው አስተማማኝ አልነበረም። ከሰልም በዚያው ምክንያት አልሰጠነውም። ፕራሊዶክሲም ፋርማሲያችን ውስጥ የለም። ጥናቶቹም በጥቅሙ ላይ አይስማሙም። ስለዚህ ቤተሰቡን ከፋርማሲ ፋርማሲ እንዳታንከራትቷቸው እለምናለሁ። ያላቸው ገንዘብ ለሚቀጥሉት ቀናት ያስፈልጋቸዋል።

ድሪፑ እንዲህ ተዘጋጅቷል። ከ500 ሚ.ሊ. ኖርማል ሳላይን 20 ሚ.ሊ. አውጥተን 20 አምፑል (20 ሚ.ግ.) ጨምረናል። በሰዓት 100 ሚ.ሊ. ይሄዳል፣ በ20 ጠብታ መስመር በደቂቃ 33 ጠብታ ነው። የተሰቀለው 1 ሰዓት ላይ ያልቃል። ሁለተኛው ተዘጋጅቶ፣ ተጽፎበት አልጋው ላይ አለ፣ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ያደርሳችኋል። ከእሱ ጋር 40 አምፑል ልከናል፤ 20ው ለሦስተኛው ከረጢት፣ 20ው ድንገት ለሚያስፈልግ ዶዝ። ሦስተኛው 11 ሰዓት ንጋት ላይ ያልቃል። ፋርማሲ ሳይዘጋ ለነገው ጠይቁ።

ደረቱን ለሁለት ሰዓት በየ30 ደቂቃው፣ ከዚያ በየሰዓቱ አዳምጡ። የምንፈልገው የጠራ ደረት፣ ከ80 በላይ ምት፣ ከ80 በላይ የላይኛው ግፊት፣ ደረቅ ብብት ነው። የዓይን ብሌንን አታሳድዱ፣ እሱ ዘግይቶ ነው የሚከፈተው። ደረቱ ከረጠበ 4 ሚ.ግ. ስጡ፣ በአምስት ደቂቃ ካልጠራ እጥፍ አድርጉ። ምቱ መቶ አለፈ ብላችሁ አትሮፒን አትከልክሉት። በተቃራኒው ግራ ከተጋባ፣ አየሩን በእጁ መልቀም ከጀመረ፣ ከሞቀውና የአንጀቱ ድምፅ ከጠፋ በዝቶበታል ማለት ነው። ያኔ አቁሙት፣ በየ30 ደቂቃው እዩት፣ ሲረጋጋ በሰዓት 80 ሚ.ሊ. ጀምሩ።

አሁን ወደ አንገቱ። ከተመረዘ ከ24 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ማለትም ከነገ ሐሙስ ጠዋት 4፡30 እስከ እሑድ ጠዋት 4፡30፣ ጡንቻው ሊከዳው ይችላል። ምራቅ የለም፣ ላብ የለም፣ ደረቱ ደረቅ ነው። ሰውየው ግን ቀስ በቀስ መተንፈስ ያቅተዋል። አትሮፒን ለዚህ አይሠራም። መጀመሪያ የሚዝለው አንገት ነው። ባለፈው ዓመት በሌላ ቦታ ስሠራ አንድ ወጣት በሦስተኛው ቀን "ዳንኩ፣ ቤቴ ልሂድ" አለኝ። ቁርሱን በልቶ ነበር። ራሱን ከትራሱ እንዲያነሳ አልጠየቅኩትም። ከሰዓት በኋላ ስንደርስለት ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳልጠይቅ አላልፍም።

ስለዚህ እስከ ነገ ጠዋት በየሁለት ሰዓቱ፣ ከ4፡30 በኋላ በየሰዓቱ፣ "ራስህን ከትራሱ አንሳና ያዝ" በሉት። አምስት ሰከንድ ካልያዘ፣ ወይም በአንድ ትንፋሽ ከ10 በታች ከቆጠረ፣ ወይም የዓይኑ ቆብ ከወደቀ ወዲያው ጥሩን። ኦክስጅኑ እስኪወርድ አትጠብቁ፣ ኦክስጅን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ቱቦ ካስፈለገ ሱክሳሜቶኒየም አትጠቀሙ፣ በዚህ መርዝ ላይ ሽባነቱ ለሰዓታት ይቆያል። አይሲዩ ዛሬ አልጋ የለውም። ሆኖም ስሙን አስመዝግቤያለሁ፣ ተረኛውም ጉዳዩን ያውቃል። አልጋውን ከነርሶች ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ሳክሽንና አምቡ ባግ ያለበት ቦታ አድርጉለት።

ስለ ቤተሰቡ። ሚስቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ትውከቱን በእጇ ጠርጋ ነበር። አጥበናታል፣ መርምረናታል፣ ምልክት የላትም፣ የፅንሱ ልብ ምት 144 ነው። ልብሱ በሁለት ፕላስቲክ ታስሮ እኛ ጋ ነው፣ ለእሷ አትስጧት። ኪሱ ውስጥ የነበረ 640 ብር ለወንድሟ በፊርማ ተሰጥቷል።

አባቱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፣ ታንኳቸውን ዳር ላይ ጥለው ነው የመጡት። ወተት ይጨመርለት፣ ጸበል ይጠጣ ይላሉ። "አባባ፣ ጸበሉን ይርጩት፣ ማጠጣቱን ግን መዋጥ እስኪችል ይታገሱን" ብያቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል። በአፉ ምንም አይገባም። ማታ አስታማሚ ሲቀያየር ለአዲሱም ንገሩልኝ።

አንድ ነገር ይቀራል። በስህተት ጠጣ የሚሉት ሁሉም ናቸው፣ የሁለቱ ሃይላንድ ታሪክም ያሳምናል። እሱን ግን ብቻውን አልጠየቅኩትም፣ አፉ ሳይደርቅና አእምሮው ሳይጠራ መጠየቅ አልፈለግኩም። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቤተሰቡ በሌለበት፣ ቁጭ ብላችሁ፣ በቀስታ ጠይቁት። መልሱ ሌላ ከሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። እስከዚያ ብቻውን አይተው።

እስከ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተረኛ ነኝ። ማታ 3 ሰዓት ላይ መጥቼ ደረቱን አብረን እንሰማለን።

የድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሐኪም
(ፊርማ ከቻርቱ ጋር)