የሰኞው ሪፖርት ላይ የማን ስም ይግባ? በሁለት ባልደረቦች መካከል የተደረገ ውይይት

ቦታ፦ ሐዋሳ፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሥልጠና ክፍል
ጊዜ፦ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሠራተኛ ሰርቪስ ከወጣ በኋላ
ተወያዮች፦ ትዕግስት (ጥራት ቁጥጥር)፣ ደረጀ (ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ)
አወያይ፦ ወይዘሮ አስቴር (የሰው ኃይል)

አስቴር፦ የተጣላችሁት በአንድ ሪፖርት ነው፤ የምናወራውም ስለ እሱ ብቻ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። መልስ ከመስጠቱ በፊት ግን የሰማውን በራሱ አፍ ይድገም፤ ተናጋሪው "አዎ፣ ያልኩት ይሄን ነው" ካላለ ወደ መልስ አንሄድም። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው"፣ "አንድም ቀን አያውቅም" የሚባል ነገር አልፈልግም። የትኛው ሥራ፣ መቼ፣ እሱን ንገሩኝ። ትዕግስት፣ ቅሬታውን ያመጣሽው አንቺ ነሽና ጀምሪ።

ትዕግስት፦ እሺ እትዬ አስቴር። ሰኞ ደረጀ ለሥራ አስኪያጁ የአንገት ሪቡን፣ ቲሸርቱ አንገት ዙሪያ የሚሰፋውን የሚለጠጥ ጨርቅ ማለት ነው፣ ጉዳይ ሲያቀርብ ከኋላ ቆሜ ነበር። የቲሸርቱ አንገት ይጣመም ነበር፣ አሁን ቀርቷል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ሽፋኑ ላይ የእሱ ክፍል ስም ብቻ ነበር። ብልሽቱ በየሰዓቱ የተመዘገበበት ሠንጠረዥ የእኔ ነው፤ በእጄ የጻፍኩት። ምክንያቱንም ያገኘሁት እኔ ነኝ። የሚሰፉት ልጆች፣ ኦፕሬተሮቹ፣ ለደረጀ "ማሽኑ ነው" ብለውት ነበር። እኔን ግን በሲዳምኛ "አንድ ላይ ታስሮ የሚመጣልን ባንድል ሠላሳ ሲሆን እንቸኩላለን፤ ሪቡ አልደርስ ሲል በእጃችን እየለጠጥን እናደርሰዋለን" አሉኝ። የተለጠጠ ሪብ ተሰፍቶ ሲለቀቅ ይሰበሰባል፣ አንገቱም ይጣመማል። ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ሰኞ ግን "በጥናታችን እንደደረስንበት" ተብሎ አለፈ። ከዚያ የአዲስ አበባው ሥልጠና ለእሱ ተሰጠ።

አስቴር፦ ደረጀ፣ ምን ሰማህ?

ደረጀ፦ ሥልጠናው ስለተሰጠኝ ከፍቷታል፣ እና...

ትዕግስት፦ አላልኩም።

አስቴር፦ ድገመው። ስለ ሥልጠናው በመጨረሻ ነው ያነሳችው።

ደረጀ፦ እሺ። ሠንጠረዡ የእሷ ነው። የሪቡን መለጠጥ ከኦፕሬተሮቹ የሰማችው እሷ ናት፤ እኔ ጠይቄ አላገኘሁትም። ሰኞ ሁለቱንም ስናገር ከየት እንደመጡ አልተናገርኩም።

ትዕግስት፦ አዎ፣ ያልኩት ይሄን ነው።

[እዚህ ላይ ውሃ ጠጣን። ሰው የሌላውን ቃል ሲደግም የራሱን መልስ ይረሳል፤ ይጠቅማል። አስቴር]

አስቴር፦ አሁን አንተ።

ደረጀ፦ መጀመሪያ ስለ ሥራው ልናገር፤ እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የቀኑ ታርጌት 600 ቲሸርት ነው። የሥራ ቀኑ 480 ደቂቃ ነው፤ ለ600 ሲካፈል ለአንዱ 48 ሰከንድ ይደርሳል። ሪብ መስፋት ግን በሰዓት ስይዘው 62 ሰከንድ ይወስድ ነበር። ከስፌት መስመሩ፣ ከላይኑ፣ የሚዘገየው እሱ ነው። ልጆቹ የሚቸኩሉት ለዚህ ነው፤ የሚለጥጡትም ስለሚቸኩሉ ነው። ባንድሉን ወደ አስር አወረድነው። ሪቡን አራት ቦታ ላይ ምልክት ማድረጉን ከኦፕሬተሯ ወስደን ለረዳቷ ሰጠን፤ 45 ሰከንድ ሆነ። ያን ለማስተካከል ሌሎቹን ማሽኖች ሁሉ እንደገና መደልደል ነበረብኝ።

ስለ ስሙ ደግሞ፦ ሠንጠረዡን የሰጠሽኝ ቀን ምን አልሽኝ? "ስሜን አታንሳ" አላልሽኝም?

ትዕግስት፦ ...

አስቴር፦ ድገሚ እንጂ አትመልሺ።

ትዕግስት፦ 62 ሰከንዱን 45 ያደረገው፣ ላይኑን የደለደለው እሱ ነው። ስሜን እንዳያነሳ ነግሬው ነበር ይላል።

ደረጀ፦ አዎ።

አስቴር፦ ብለሽው ነበር?

ትዕግስት፦ ብያለሁ። ሠንጠረዡ ላይ ብልሽቱ የሚበዛበት ሰዓት ይታያል። ያን ሰዓት ላይኑን ከሚመራው ሱፐርቫይዘር ጋር መጣላት አልፈለግኩም። ያን ጊዜ ማንም ምንም አላስተካከለም ነበር፤ ወረቀቱ ብልሽት ብቻ ነው የሚያሳየው። ስሜን አታንሳ ያልኩት ለዚያ ወረቀት ነው። ሥራው ከተሳካ በኋላ መጥቶ "አሁንስ?" ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ይቸግረው ነበር?

ደረጀ፦ አልጠየቅኩሽም። አንዴ ካልሽኝ ያው መስሎኝ ነው።

ትዕግስት፦ ወይ ደግሞ አለመጠየቁ ተመችቶህ ነው።

አስቴር፦ ትዕግስት፣ ያን አታውቂውም። ያየሽውን ብቻ።

ትዕግስት፦ ይቅርታ። አልጠየቀኝም፤ ያየሁት ይሄን ነው።

ደረጀ፦ ሐቁን ልናገር፤ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ "ጎበዝ" ሲለኝ አንቺን አየሁሽ። መናገር እችል ነበር። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

[ትዕግስት ለጥቂት ጊዜ አልተናገረችም። እኔም አልገፋኋትም።]

አስቴር፦ አሁን ወደ ወረቀቱ። ሰሌዳው ላይ ሥራዎቹን እጽፋለሁ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ስም ንገሩኝ። ሁለታችሁም ካልተስማማችሁ ባዶ ይቀመጣል። ብልሽቱን መመዝገብ?

ደረጀ፦ ትዕግስት።

አስቴር፦ ምክንያቱን ማግኘት?

ደረጀ፦ ትዕግስት።

ትዕግስት፦ መለጠጣቸውን እኔ፤ ለምን እንደሚቸኩሉ ግን በሰዓት ያሳየው እሱ ነው። ሁለታችንን ጻፊ።

አስቴር፦ ላይኑን መደልደል?

ትዕግስት፦ ደረጀ።

አስቴር፦ ባንድሉን አስር ማድረግ?

ደረጀ፦ እኔ... አይ፣ ቆይ። ያን ያለችው ሦስተኛ ማሽን ላይ ያለችው ኦፕሬተር አይደለችም?

ትዕግስት፦ ናት። "አስር አስር አድርጋችሁ ስጡን" ብላ ነበር። እኔም ሳወራ የእሷን ነገር ዘልዬዋለሁ።

አስቴር፦ እጽፋለሁ። ስሟ እንዲገባ ትፈልግ እንደሆነ ግን ትዕግስት ትጠይቃት፤ ሌላ "ስሜን አታንሱ" እንዳይመጣ። ሥልጠናውስ?

ደረጀ፦ ልተወው እችላለሁ።

ትዕግስት፦ አትተወው። ሥልጠናው የሰዓት ጥናት ነው፤ የእኔ ሥራ አይደለም። የፈለግኩት ሪፖርቱ እንዲስተካከልና ለጥራት የሚመጣ ሥልጠና ሲኖር ሥራዬ ታይቶ እንዲሰጠኝ ነው። ሠላሳ ሰው ፊት የተባለ ነገር ደግሞ በሹክሹክታ አይታረምም፤ ሰኞ እዚያው ይነገር።

ደረጀ፦ እናገራለሁ። ሠንጠረዡስ? ሱፐርቫይዘሩ ያየዋል።

ትዕግስት፦ የሰዓቱን ዓምድ አውጥተህ የቀኑን ድምር ብቻ አስገባ።

አስቴር፦ የቀረን የማበረታቻው ገንዘብ ጉዳይ ነው። እሱን እኔ አልወስንም፤ የሰሌዳውን ዝርዝር ይዤ ለሥራ አስኪያጁ አቀርባለሁ፤ መልሱን ሁለታችሁም እኩል ትሰማላችሁ። ደረጀ፣ ኢሜይሉን እዚሁ ጻፈው።

[ደረጀ ጻፈ። ትዕግስት አንድ ቦታ ላይ "ረድታኛለች" የሚለውን አስወጥታ የሠራችውን አስገባች። የተላከው ይሄ ነው።]

"ለሥራ አስኪያጁ፦ ሰኞ ባቀረብኩት የአንገት ሪብ ሪፖርት ላይ የሠሩት ሰዎች አልተጠቀሱም፤ ጉድለቱ የእኔ ነው። ብልሽቱን የመዘገበችውና ሪቡ በእጅ እየተለጠጠ እንደሚሰፋ ያገኘችው የጥራት ቁጥጥር ባልደረባዬ ትዕግስት ናት። የሰዓት ጥናቱንና የላይኑን ድልድል የሠራሁት እኔ ነኝ። ባንድሉ ወደ አስር እንዲወርድ ሐሳቡ የመጣው ከአንዲት የላይኑ ኦፕሬተር ነው፤ ፈቃደኛ ከሆነች ስሟን እናሳውቃለን። የተስተካከለው ሪፖርት ተያይዟል። በሚቀጥለው ሰኞ ስብሰባ ላይ ይህን ለመናገር አምስት ደቂቃ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፤ የብልሽቱን ክፍል ትዕግስት ታቀርባለች። ደረጀ"