ለሐሙሱ ቀጠሮ፦ የሆዴ ነገር ከመስቀል ወዲህ

ቱሉ ዲምቱ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዶክተር፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሐኪም ፊት ስቀመጥ ወሬው ይጠፋኛል። ወጥቼ ታክሲ ስይዝ ነው ሁሉም የሚመጣልኝ። ስለዚህ አስቀድሜ ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

ዕድሜዬ 44 ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እዚሁ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ትንሽ ሱቅ አለችኝ።

ነገሩ የጀመረው ከመስቀል በኋላ ነው። በበላሁ ቁጥር ሆዴ ይነፋል፣ ይንጫጫል። ናቅኩት። ኅዳር ላይ ደንበኛ ልለካ ጎንበስ ስል ሱሪዬ ሊወርድ ሲል ያዝኩት። እስካሁን የራሴን ሱሪ ሦስት ጊዜ አጥብቤያለሁ። የሚገርመው፣ ጠዋት የሰፋኝ ሱሪ ማታ አይቆለፍም። ሜትር ከአንገቴ ስለማይጠፋ ባለፈው ሳምንት ለካሁት። ሰኞ ጠዋት ወገቤ 78 ሴንቲ ሜትር፣ ማታ 87። ረቡዕ 78 እና 86። ሰው ስለካ 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሜትሩ አልተሳሳተም።

ክብደቴ ነሐሴ ላይ 69 ኪሎ ነበር። ጥር ላይ 63፣ አሁን 57። የመጨረሻውን የመዘንኩት መንገድ ዳር፣ ልጆች ይዘውት በሚቀመጡት ሚዛን ነው፤ ትንሽ ሊዛባ ይችላል። ግን ጉንጬን ያየ ሁሉ ይደነግጣል። የምግብ ፍላጎቴ ደግሞ አልቀነሰም! ይህንን ነው ማንም ያልሰማኝ። እበላለሁ፣ እከሳለሁ።

ስለ ሰገራ መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ልበለው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ እወጣለሁ። ፈዛዛ ነው፣ ቅባት ቅባት ይላል፣ ሽታው ይከረፋል። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይሄድም። እኛ ሕንፃ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ድሮ በአንድ ጆግ ይሄድ የነበረው አሁን ሁለት ባልዲ ይፈጃል። ነገሩን ቀድማ የነቃችበት ባለቤቴ ናት፤ በርሜሉ ለምን ቶሎ ቶሎ ያልቃል ብላ። ሌሊትም አንዳንዴ ይቀሰቅሰኛል። ደም አላየሁም። ትኩሳትም ሆነ የሌሊት ላብ የለኝም።

እስካሁን የታከምኩት እንዲህ ነው። ጥቅምት ላይ ታይፎይድ ነው ተባልኩና ሲፕሮ ወሰድኩ፤ ምንም አልለወጠም። ኅዳር መጨረሻ ጃርዲያ ተባለ፤ ቲኒዳዞል በአንድ ጊዜ አራት ፍሬ ዋጥኩ። አሥር ቀን ያህል ቀለል አለኝ፣ ከዚያ ተመለሰ። ጥር ላይ በሰገራ ኤች ፓይሎሪ ተገኘብህ ተባልኩ። አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል 14 ቀን ሳላቋርጥ ጨረስኩ። ከዚያ በኋላ ጠፍቶ እንደሆነ ያየልኝ የለም። መጋቢት ላይ ሄሞግሎቢኔ 10.4 ስለሆነ የብረት ኪኒን ታዘዘልኝ፤ እሱን ስውጥ ሰገራዬ ጠቁሮ ነበር። አልትራሳውንድ ጋዝ እንጂ ሌላ አላሳየም። ስኳርና ኤችአይቪ ነፃ ነኝ። ወረቀቶቹን ሁሉ ይዤ እመጣለሁ። ጠበልም ጠጥቻለሁ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦም ሞክሬያለሁ፤ አልደብቅዎትም። ወገቤን ሲያመኝ ዳይክሎፌናክ እወስድ ነበር፤ ከጥር ወዲህ ትቻለሁ።

አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። በሕማማት ሳምንት ከእንጀራና ከሽሮ በቀር ብዙም አልበላሁም። ሆዴ ረገበ። ጾሙ ይሆናል አልኩ። ፋሲካ ዕለት ድፎ ዳቦውን በዶሮ ወጥ፣ እርጎም ጨምሬ በላሁ። ማግስቱን እንደ ከበሮ ተነፋሁ። ዳቦው ይሁን እርጎው፣ ወይስ ከጾም በኋላ ስለጠገብኩ፣ እኔ ልለየው አልቻልኩም። ግን ሁዳዴን እስከ ሕማማት ድረስ ወተት ሳልቀምስ ስሰቃይ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የምበላው ዳቦ በሻይ ነበር። ዳቦ ልተው ስል ነርስ የሆነች የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሐኪሙ ሳያይህ እንዳትተው፤ የደም ምርመራው ሊያሳስት ይችላል» አለችኝ። ስለዚህ እየተነፋሁም እየበላሁ ነው።

ሌላ ይጠቅም እንደሆነ፦ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው፤ ልጅ ሆኜ ጣና ውስጥ ስዋኝ ነው የዋልኩት። ጥሬ ሥጋ በዓል ሲሆን እበላለሁ። መጠጥ ከጠላ አያልፍም። ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የሰማሁት የለም፤ እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሆዷ እየተነፋ ደም አነሰሽ ትባል ነበር። ከየካቲት ወዲህ ምላሴ ይቆስላል፣ እግሬን ይደነዝዘኛል። የስፌት መኪና ፔዳል መርገጥ ያመጣው መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ። ቱቦ የሚገባ ከሆነ ብዬ ከማታ ጀምሮ አልበላም። ካላስፈለገ ደግሞ ቁርሴን በፌስታል ይዣለሁ።

አክባሪዎ
ጌታሁን