ምርቃት

ጋሽ ተካ «እግረ መንገድሽን» የሚሏት ነገር አለቻቸው። ማህሌት ይቺን ቃል ስትሰማ ሆዷ ይረበሻል።

ሥራው ሲጀመር ቀላል ነበር። ሶማሌ ተራ ላለው የመኪና መለዋወጫ ሱቃቸው የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም መሥራት። ገቢ፣ ወጪ፣ የወሩ ሪፖርት። 3 ወር፣ 480 ሺህ ብር፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ውሉ 2 ገጽ ነበር፤ ሁለተኛውን ገጽ ግን ያነበበው ያለ አይመስልም።

በ2ኛው ሳምንት «እግረ መንገድሽን ቴሌብርም ይግባበት» አሉ። ገባ። በ5ኛው «ቀኑ በኛ አቆጣጠር ይሁን እንጂ!» ሆነ። ይሄኛው ቀላል ይመስላል። ጳጉሜን ግን የወሩን ሪፖርት አተራመሰችው፤ ፕሮግራመሩ ናትናኤል እሷን ሲያስተካክል 4 ሌሊት ቢሮ አደረ። ከዚያ የዱቤ መዝገብ መጣ። ከዚያ አዳማ ያለው የልጃቸው ሱቅ። የማህሌት መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «ችግር የለም ጋሽዬ።» ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቡና ሳያስጠጡ አይሸኙም፤ እንዴት እምቢ ይባላሉ?

5ኛው ወር ገባ። ሥራው አላለቀማ፣ ቀሪው ክፍያም አልተለቀቀም። ናትናኤል ዓይኗን ሳያይ «ማሂ፣ ሌላ ቦታ ለኢንተርቪው ጠርተውኛል» አላት።

በማግስቱ ጋሽ ተካን ልትለማመጥ ሱቅ ሄደች። አንድ የቪትዝ ሹፌር የፍሬን ሸራ ገዝቶ ከፈለና እጁን ወደ መደርደሪያው ዘረጋ።

«ይቺን ፊልትሮ ይመርቁልኝ በቃ።»

ጋሽ ተካ ከወንበራቸው እንኳ አልተነሱም። «ምርቃት ከፈለግህ ጉልት ሂድ ልጄ። ፊልትሮዋ የራሷ ዋጋ አላት። ልጨምርልህ?»

ሹፌሩ ሳቀ። ከፍሎ ወሰዳት። የተቀየመም የለ።

ማህሌት ቡናዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ሐሙስ ስትመለስ አንድ ወረቀት ይዛለች። በግራ በኩል ውሉ ላይ ያለው፣ በቀኝ በኩል የተጨመረው። ከእያንዳንዱ ጭማሪ ጎን ቀንና ብር ተጽፏል።

«እስካሁን የሠራነው በኔ ይሁን፣ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ውሉ ላይ ያለው በ10 ቀን ያልቃል። የአዳማው ሱቅ ግን ገና አልተጀመረም፤ 25 ቀን፣ 130 ሺህ ብር። ከፈለጉ እንፈራረማለን፣ ካልፈለጉ ይቀራል።» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ።

ጋሽ ተካ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። የሱቁ ልጅ እንኳ ብሎን መቁጠሩን አቆመ።

«አዳማን ሰርዢው» አሉ በመጨረሻ። «የራሱን ሱቅ ራሱ ይክፈልበት።»

ፈረሙ። ሊሸኟት እስከ በሩ ወጡ።

«እኔ የምልሽ ማህሌት፣ እግረ መንገድሽን ደረሰኙ ላይ የሱቁ ምልክት…» ብለው ቆም አሉ። ወረቀቷን አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ። «ስንት ቀን ነው እሱ?»

ማህሌት እስክሪብቶዋን አወጣች።