የአባባ ፎቶ፣ ጣና ዳር፦ የተቆረጠውን የማስፊያ ጽሑፍ

ፎቶው በ1985 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ባሕር ዳር ጣና ዳር የተነሳ ነው። ለትንሽ ፍሬም እንዲበቃ ተብሎ በመቀስ ተቆርጧል። አሁን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነውና ምስል በሚሠራ ኤአይ ጎንና ጎኑ ተሞልቶ ይስፋ። ስካኑ ወርዱ 1200፣ ቁመቱ 1600 ፒክስል ነው። አዲሱ ሸራ 3000 በ2000 ይሁን። ወደ ግራ 1800፣ ወደ ላይ 150፣ ወደ ታች 250 ፒክስል ይጨመር። ወደ ቀኝ ምንም አይጨመር።

በስካኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዳለ ይቆይ። የአባባ ፊት አይለስልስ፣ ኮቱ አይታደስ፣ ጉልበቱ ላይ ያለው የወረቀቱ እጥፋትም አይጥፋ። አዲሱ ክፍል ከአሮጌው የሚደራረበው በግራ በኩል 64 ፒክስል ብቻ ነው፤ እዚያ ያለው ሣርና ውሃ ነው። ከታች ግን ስፌቱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ስለሚያርፍ ከ24 አይበልጥ።

አድማሱ ከአዲሱ ሸራ አናት 750 ፒክስል ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይሂድ፣ አይጉበጥ፣ አይዝመም። ፎቶውን ያነሳው አጎቴ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ለዚህ ነው ካሜራው በአባባ ትከሻ ልክ ያለው፣ የሐይቁ ጫፍም ትከሻው ላይ የሚያልፈው። አዲሱ ክፍል ይህን ቁመት ይጠብቅ። መሬቱ ከላይ እንደታየ አይመስል፣ ከወገብ በታች እንደታየም አይሁን።

ካሜራው ደቡባዊው ዳርቻ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ያያል። ፀሐይዋ ከቀኝና ከኋላ ነው የምትመጣው። ስለዚህ የሁሉም ነገር ቀኝ ጎን የበራ፣ ግራ ጎኑ የጠቆረ ይሁን። ጥላ ሁሉ ወደ ግራና ወደ ሐይቁ ይውደቅ። የጥላው ጠርዝ ጥርት ያለ ነው፤ የበጋ ሰማይ ነው፣ ደመና የለም።

ወደ ግራ፣ የመጀመሪያው 900 ፒክስል፦

ሣር ላይ የተዘረጉት ሁለት ጥላዎች ይጨረሱ። ቀረብ ብሎ ያለው የአባባ ነው፤ በፎቶው ጠርዝ ደረቱ ላይ ተቆርጧል። ትከሻው ይቀጥል፣ ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ ክብ ባርኔጣው። ራሱ ከፎቶው የግራ ጠርዝ 480 ፒክስል ያህል ርቆ ይለቅ። ከኋላው ያለችው ሁለተኛዋ ጥላ አጠር ያለች ናት፤ ከጠርዙ 115 ፒክስል ያህል አልፋ ትለቅ፣ የራሷ ቅርጽ በነጠላ የተሸፈነ ይምሰል። ሁለቱም ሣሩ ላይ ይለቁ፣ ውሃው ጋ አይድረሱ። ጥላዎቹ ላይ የሣሩ ዘንግ ይታይ፤ ጥቁር ቀለም የፈሰሰ አይምሰል።

ከጥላዎቹ አልፎ፣ ውሃው አጠገብ፣ እንዲደርቅ ተጎትቶ የወጣ የደንገል ታንኳ አለ። ፎቶው ላይ የሚታየው ኋላው ብቻ ነው። ፊቱ ወደ ግራ 800 ፒክስል ያህል ይቀጥልና እየቀጠነ ወደ ላይ ቀና ይበል። ታንኳው እንጨት አይደለም፤ የተላገ ሳንቃ፣ ምስማር፣ የተቀባ ቀለም አይታይበት። እንደ ክንድ የወፈሩ የደንገል እስሮች ጎን ለጎን ተደርድረው በገመድ ተጠፍረዋል፤ ገመዱ ያጠበቀበት ቦታ ሁሉ እስሩ ጎድጎድ ይላል። ላይኛው ጎን እንደ ደረቀ ገለባ ነጣ ያለ፣ ውሃ የጠጣው ሆዱ ቡናማ ይሁን። ሆዱ ስር ጠባብ ጥላ ይኑር፤ አለዚያ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

ወደ ግራ፣ ሁለተኛው 900 ፒክስል፦

የፎቶው ግራ አናት ላይ የተንጠለጠለው ቅርንጫፍ ግንድ አግኝቶ ይቁም። ዛፉ ዋርካ ነው፤ ግንዱ ሰፊ፣ ግራጫ፣ ሥሩ መሬት ላይ ወጣ ወጣ ያለ። ዘንባባ አይደለም። ዘንባባ የከተማው መንገድ ላይ አለ፣ እዚህ ፎቶ ውስጥ ግን አይግባ። ከዛፉ ስር የተበጣጠሰ ጥላና ትናንሽ የብርሃን ጠብታዎች ይታዩ። ከግንዱ ወዲያ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ፣ የቆመ ደንገል ይኑር፤ ጭንቅላቱ የተበተነ ጸጉር የመሰለ፣ ወደ ውሃው ትንሽ የተጎነበሰ።

የሐይቁ ቀለም አረንጓዴ የነካው ግራጫ ነው። ሰማያዊ አይሁን፤ የፖስት ካርድ ባሕር አይደለም። ጠዋት ስለሆነ ነፋስ አልተነሳም፤ ሞገዱ ጥቃቅን ነው፣ እየራቀ ሲሄድም እየጠበበ አድማሱ ጋ ለስላሳ ይሁን። ሩቅ አንድ ታንኳ ይታይ፣ ቀዛፊው ተቀምጦ። ቁመቱ ከ40 ፒክስል አይብለጥ፣ ራሱም ከአድማሱ በታች ይቅር። ሁለት ወይም ሦስት ፔሊካኖች ካሉ ይበቃል።

አድማሱ ላይ ተራራ አይሳል። ይህን አጥብቄ እላለሁ፤ በሁለት ሙከራ ሁለቴም ከአባባ ጀርባ ተራራ በቅሎ መጥቷል። ጣና ሰፊ ነው፣ ከዚህ ሆኖ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው ወዲያ ማዶውን አያየውም። ውሃና ሰማይ ብቻ ነው። በግራው ጫፍ ግን የዘጌ ልሳነ ምድር ይታይ፦ ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ በጫካ የጠቆረ መስመር፣ ከአድማሱ ከ25 ፒክስል በላይ ያልወጣ፣ በጉም የደበዘዘ።

ወደ ታች 250 ፒክስል፦

የአባባ ጫማ ይምጣ። ምን እንደተጫማ ራሱን ጠይቄዋለሁ፤ ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ማሰሪያ ያለው፣ ከጓደኛው የተዋሰው። አፍንጫው ላይ ትንሽ አቧራ ይኑር። ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ፣ ከተረከዛቸው ጥላው ይጀምር። የቀረው የተረገጠ ሣርና ቀላ ያለ አፈር ነው።

ወደ ላይ 150 ፒክስል፦ ባዶ ሰማይ፣ በግራ በኩል የዋርካው ቅጠል።

ቀለሙ ከአሮጌው ፎቶ ይወሰድ። ህትመቱ በዕድሜ ወደ ቀይ አድልቷል፣ ጥቁሩም ደብዝዞ ቡናማ ሆኗል። አዲሱ ክፍል እኩል ይደብዝዝ፣ የፊልሙ ቅንጣት እኩል ይሻክር፣ ሩቁም እኩል ይፍዘዝ። ከአሮጌው ይልቅ የጠራ ሣር ወዲያው ያስነቃል።

የማይገቡ ነገሮች፦ ፎቅ፣ የሞተር ጀልባ፣ ባዶ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ፣ ጽሑፍ፣ ፍሬም፣ ሌላ የቆመ ሰው። እንቦጭም አይግባ። ዛሬ ጣና ሲባል ምስሉ አብሮ ይመጣል፣ ያኔ ግን ሐይቁ ላይ አልነበረም።

የቀኝ ጠርዝ፦

አባባ ክንድ ላይ ያረፈች እጅ አለች፣ እጅጌዋ ላይ ጥበብ ያለው፣ አንጓዋ ላይ የምትቆረጥ። የእማዬ ናት። የተቆረጠው ግማሽ ጠፍቷል፣ እሷም አሁን የለችም። ክንዷ አይቀጥል፣ ትከሻ አይሰጣት፣ ፊት አይፈጠርላት። የማላውቀውን ሴት ፊት እማዬ ብዬ ግድግዳ ላይ መስቀል አልችልም። ከእጇ በላይ በሚጨመረው 150 ሰማይ ብቻ ይሁን፣ ከእጇ በታች በሚጨመረው 250 ሣር ብቻ፤ የቀሚስ ጫፍም ጫማም አይውጣ። ጥላዋ በግራ በኩል ሙሉ ይሁን። እጇ አሁን ባለችበት፣ የፎቶው ጫፍ ላይ ትቆይ።