የሣጥኑ ታች

ሐያት ደሴ ሰኞ ገበያ ቲማቲም መሸጥ ከጀመረች አራት ወሯ ነው። በቀን ሁለት ሣጥን፣ 50 ኪሎ ታወርዳለች። በ40 ገዝታ በ60 ትሸጣለች። በኪሎ 20 ብር ማለት በ50 ኪሎ 1000 ነው። የመኪናና የተሸካሚ 100 ሲወጣለት 900። ይቺን ሒሳብ በልቧ ይዛ ነው የምታድረው።

ከመቀነቷ የሚወጣው ብር ግን ይቺን ሒሳብ አያውቃትም። ዕቁብ በቀን 400 ትጥላለች፣ ለቤት 150 ትሰጣለች። መነሻዋ 5000 ነበር። አሁን 3200 ቀርቷል።

ልትሰግድ ስትነሳ መደቡን የሚጠብቀው ወንድሟ ሰኢድ ነው። 14 ዓመቱ ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ ከአፉ ብስኩት አይጠፋም። ምንም አላለችውም። ብቻ ስትነሳ ብሩን ይዛ መሄድ ጀመረች። ልጅ እንዲህ ያለውን ቶሎ ያያል።

አንድ ማታ ድንች ሻጯ እትዬ ዘሀራ የፈረጠውን ቲማቲም ለፍየል ስትጥል አዩዋት።

«ስንት ኪሎ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ የሚጣል ምን ይመዘናል?»

«በነጻ ነው እንዴ ያመጣሽው?»

ሐያት ቆም አለች። ከዚያ የተጣለውን ሁሉ በሳፋ ሰብስባ ሚዛን ላይ አወጣችው። 6 ኪሎ። አብዛኛው ከሣጥኑ ታች የወጣ ነው። ከላይ ያለው ይጫነዋል፣ መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ያንገጫግጨዋል፣ አንዱ ሲፈነዳ ውሃው ጎረቤቱን ያበላሻል። ሌላ 5 ኪሎ ደግሞ ለስልስ ለሚፈልጉ በ30 ሸጣዋለች። ይህንንም በልቧ በ60 ነበር የያዘችው!

የሰኢድን ደብተር ተቀበለችና ጻፈች። 39 ኪሎ በ60፣ 2340። 5 ኪሎ በ30፣ 150። ድምር 2490። ወጪ 2100። ትርፍ 390።

ደግማ ደመረች። ያው ነው። ዕቁቡን እንኳን አይሞላም። እንዲህ በሚጣልበት ቀን ሁሉ ዕቁብ የጣለችው ከመነሻዋ እየቆረሰች ነው።

ሰኢድ በትከሻዋ በኩል ያነባል።

«እኔ የወሰድኩት የቱ ጋ ነው የተጻፈው?»

መልስ አላገኘችም። ደብተሩን አጠፈችው።

በማግስቱ አከፋፋዩ ጋ ሣጥኑን ካላራገፍኩ አልወስድም አለች። «ዛሬ ምን ነካሽ?» ብሎ ተቆጣ። ታችኛው ድርድር ግማሹ የተሰነጠቀ ነው። ተጨቃጭቀው አንዱን ሣጥን ለወጠላት፣ ለሌላው 80 ብር ቀነሰላት።

ዙሁር ሲደርስ መቀነቷን ፈታች። ብሩን እንዳለ ሰኢድ ጭን ላይ አኖረችው።

«ቁጠረውና ያዘው።»

ሰኢድ አልቆጠረውም። ከሚዛኑ ሥር ሸጎጠውና «ስንት ኪሎ ልመዝን?» አላት ከፊቱ የቆመችውን ደንበኛ።